ማጥፊያው በበሩ መቃን አጠገብ ይሰቀል

«በሱቃችን ባለ 6 ኪሎ የእሳት ማጥፊያ አለ። ለፈቃድ እድሳት ስለተጠየቅን ነው የገዛነው፤ ነክተነው አናውቅም። እሳት ቢነሳ እንዴት ነው የምንጠቀምበት? ከአቅማችን በላይ መሆኑንስ በምን እናውቃለን?» (ደብረ ብርሃን ውስጥ ፍራሽና ብርድ ልብስ የሚሸጡ እናት)

እትዬ፣ ከሁሉ በፊት ማጥፊያው የት ነው የተሰቀለው? በከተማችን በገባሁባቸው ሱቆች አብዛኛውን ጊዜ የማገኘው ከሒሳብ መቀበያው ጀርባ ወይም ጓዳ ውስጥ ነው፤ አንዳንዴም የካርቶን ክምር ተደግፎበት። ለተቆጣጣሪ ለማሳየት የሚመች ቦታ ነው። ለእርስዎ ግን ወጥመድ ነው። እሳት ሲነሳ ማጥፊያውን ለማምጣት ወደ ውስጥ ይገባሉ፤ ይዘውት ሲዞሩ እሳቱ በእርስዎና በበሩ መካከል ቆሞ ይጠብቅዎታል። ዛሬውኑ አውርደው ከመውጫው በር መቃን አጠገብ ይስቀሉት። እዚያ ከሆነ ሊያነሱት ሲሄዱ እግርዎ አስቀድሞ መውጫው ላይ አድርሶዎታል። ከዚያ ዞር ብለው እሳቱን ሲያዩ ልመለስ ወይስ ልውጣ የሚለውን የሚወስኑት በር ላይ ቆመው ነው። እንዲያ ዓይነት ውሳኔ ከበር ላይ ይቀላል።

አጠቃቀሙ አራት ግሶች ናቸው፤ ሳብ፣ አነጣጥር፣ ጭመቅ፣ ጥረግ። የእንግሊዝኛዎቹ ቃላት የመጀመሪያ ፊደላት ተገጣጥመው «ፓስ» ስለሚሆኑ ዘዴው በዓለም ሁሉ የሚታወቀው በዚሁ ስም ነው። በአማርኛ ፊደሎቹ አይገጥሙም፤ ቅደም ተከተሉ ግን በእጅ አንድ ጊዜ ከተለመደ አይረሳም።

«ሳብ» ቀላል ይመስላል። ሰው የሚሸነፈው ግን ብዙውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው። በመያዣው ላይ በቀጭን የፕላስቲክ ማሰሪያ የታሰረ የብረት ሹል አለ። የደነገጠ ሰው መያዣውን በአንድ እጁ ጨብጦ በሌላው ሹሉን ይጎትታል፤ ሲጨብጥ ሁለቱ የመያዣው ብረቶች ሹሉን ነክሰው ይይዙታል፣ በጎተተ ቁጥርም ይጠብቃል። «ተበላሽቷል» ብሎ የሚጥለው ያኔ ነው። ማጥፊያውን መሬት ላይ ያቁሙት፤ አንገቱን እንጂ መያዣውን አይጨብጡ፤ ሹሉን ትንሽ አዙረው ይሳቡት። ማሰሪያው በራሱ ይበጠሳል። ባለ 6 ኪሎ የሚባለው በውስጡ ያለው ዱቄት ነው፤ ከነብረቱ ወደ 10 ኪሎ ስለሚጠጋ በሱቁ የምታግዝዎ ልጅ ካለች ብቻዋን በምትውልበት ቀን ማንሳት መቻሏን አስቀድመው ይዩ።

«አነጣጥር» ሲባል ቱቦውን ወደ እሳቱ ሥር ነው። ዓይን የሚስበው ነበልባሉ ነው፤ የሚነደው ዕቃ ግን ከታች ነው። በነበልባሉ ጫፍ ላይ የተረጨ ዱቄት ኮርኒስዎን ነጭ ከማድረግ በቀር የሚያደርገው ነገር የለም። ሁለት ሜትር ተኩል ያህል ርቀው ይጀምሩ። ከዚያ ቢቀርቡ ግፊቱ የሚነደውን ነገር ይበትነዋል። ከዚያ በኋላ መያዣውን ሙሉ በሙሉ ይጨምቁ፤ ቱቦውን ከእሳቱ ስፋት ትንሽ እያለፉ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ይጥረጉ። እሳቱ ሲያፈገፍግ አንድ እርምጃ ይጠጉ። እጅዎን ከለቀቁ መርጨቱ ይቆማል፤ ይህም ሆነ ተብሎ የተሠራ ነው።

አሁን የሰዓቱን ነገር ልንገርዎት፤ ማንም ሲገዙ አይነግርዎትም። ባለ 6 ኪሎው ዱቄት የሚረጨው ከ15 እስከ 20 ሰከንድ ለሚሆን ጊዜ ነው። በመኪና ውስጥ የሚቀመጠው ትንሹ ደግሞ 10 ሰከንድ ገደማ። አንድ አባታችን ሆይ ተደግሞ ሳያልቅ ያልቃል ማለት ነው። ስለዚህ ማጥፊያው የሚያጠፋው በዚያ ጊዜ ሊጠፋ የሚችል እሳት ብቻ ነው፤ መጠኑም የቢሮ ቆሻሻ ቅርጫት ያህል ነው። ቁመቱ ከወገብዎ ካለፈ ሹሉን አይሳቡ።

ከአጎቴ ሱቅ ያየሁትን ላንሳ፤ እርስዎ የሚሸጡትን ነበር የሚሸጠውም። ብርድ በጠናበት ወር፣ መብራት ጠፍቶ ማምሻውን ሲመለስ፣ ሂተር የተሰካበት ዲቫይደር መሬት ላይ ብልጭ አለ። ነበልባሉ ከጉልበት በታች ነበር። ከጎኑ፣ ክንድ በማትሞላ ርቀት፣ የስፖንጅ ፍራሾች እስከ ትከሻ ተቆልለዋል። የአጎቴ ልጅ ማጥፊያውን አነሳ፤ ከሹሉ ጋር እንዳልኩዎት ታገለ፤ በኋላ ሳበው። የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ሰከንዶች በነበልባሉ ላይ አባከነ፤ አጎቴ «ከሥሩ!» ሲለው ዝቅ አደረገና እሳቱ ጠፋ። ቤቱ በነጭ አቧራ ተሞላ፤ ሁላችንም ሳልን። ልጁ ማጥፊያውን አስቀምጦ ፊቱን ወደ እኛ አዞረ።

ሁለት ነገሮች ተረስተዋል። ብሬከሩ አልወረደም፤ ስለዚህ እሳቱን የፈጠረው ኤሌክትሪክ እዚያው ነበር። ከታችኛው ፍራሽ ጠርዝ ደግሞ አንድ ጣት የምታህል ጥቁር ቦታ በዱቄቱ ሥር ትጨስ ነበር። ዱቄት ነበልባልን ይቆርጣል እንጂ አያቀዘቅዝም፤ በውስጥ የሚፋፋም ነገር እንደገና ይነሳል። ስለዚህ ነው ከጠፋ እሳት ፊት ወደ ኋላ እያፈገፈጉ እንጂ ጀርባ ሰጥቶ የማይኬደው። ዓይናችንን ስንመልስ ነበልባሉ የፍራሹን ጎን ይዞ እየወጣ ነው። ልጁ ማጥፊያውን አንስቶ ሲጨምቅ አንድ ጊዜ ተፋና ዝም አለ።

ሳይቃጠል በቅጠል ይላሉ አባቶቻችን። ቅጠሉ የሚሠራው ግን ሳይቃጠል ነው፤ ከተቃጠለ በኋላ ቅጠል ይዞ የቆመን ሰው ምን እንደምንለው ተረቱ አልነገረንም።

ስፖንጅን እንደ ሌላ ዕቃ አይዩት። የመንዝ ባና ወይም ዝተት በእሳት ቢነካ ይጠቁራል፣ ይገማል፣ ብዙውን ጊዜም እሳቱ ሲርቅ በራሱ ይጠፋል፤ የበግ ጠጉር ጠባዩ ነው። ስፖንጅ ግን ይቀልጣል፣ እየነደደ ይንጠባጠባል፣ በደቂቃዎች ውስጥም ሙሉ ክፍል ይይዛል። ከሁሉ የከፋው ጭሱ ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድና ሃይድሮጅን ሳያናይድ የሚባሉ መርዞች አሉበት፤ ጥቂት ትንፋሽ ሰውን አደንዝዞ ሊጥል ይችላል። በእሳት የሚሞት ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሳይቃጠል በጭስ ነው የሚሞተው። ስለዚህ በእርስዎ ሱቅ ውስጥ ደንቡ ከሌላው ሱቅ ይጠብቃል፤ ዲቫይደሩ ቢነድ ይታገሉ፤ ፍራሹ ከያዘ ይውጡ።

የቀሩት ምልክቶች በዓይን የሚታዩ ናቸው። አንዱ ኮርኒሱ ነው። በእኛ አገር ኮርኒስ ብዙ ጊዜ አቡጀዲ ወይም የማዳበሪያ ጆንያ ነው፤ ነበልባሉ ከነካው እሳቱ በኮርኒሱና በቆርቆሮው መካከል ባለው ባዶ ቦታ ከራስዎ በላይ ተደብቆ ይሮጣል። እርስዎ ከፊትዎ ያለውን ሲያጠፉ እሱ በሩ ላይ ይደርሳል። ሁለተኛው ጭሱ ነው። ከጣሪያው ወርዶ ጎንበስ ካስባለዎት ወይም ካሳለዎት የሚጠብቁት ሌላ ምልክት የለም። ሦስተኛው ማጥፊያው ነው፤ ባለቀ ጊዜ ትግሉ አልቋል። ከጎረቤት ሌላ ለመዋስ ሮጦ የሚመለስ ሰው እሳቱን የሚያገኘው ጥሎት በሄደበት መጠን አይደለም። በሩ ከጀርባዎ መሆኑን ካላወቁ ደግሞ መጀመሪያውኑ አይጀምሩ። የጎረቤትዎ ምግብ ቤት ጋዝ ሲሊንደር ቢሆን የሚነደው፣ ቧንቧው ካልተዘጋ በስተቀር ነበልባሉን አያጥፉ፤ ሳይነድ የሚወጣው ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ መሬት ለመሬት ተኝቶ ብልጭታ ይጠብቃል። የጋለ ሲሊንደር ካዩ አይቅረቡ።

ሲወጡ በሩን ይዝጉት፤ አይቆልፉት። ይህን የምለው የደብረ ብርሃንን የከሰዓት ነፋስ ስለማውቀው ነው። የተከፈተ በር ለእሳቱ ወናፍ ነው፤ የተዘጋ በር ግን አየር ነስቶት ደቂቃዎችን ይገዛል። ጭስ ይውጣ ብሎ የኋላውን መስኮት የሚከፍት ደግ ሰው አይጠፋም፤ ይከልክሉት። የከተማውን የእሳት አደጋ ስልክ ቁጥር ከማጥፊያው በላይ በትልቁ ይጻፉ፤ የሚደውለው ግን ውጭ የቆመው ሰው ይሁን። ሣጥኑ ውስጥ የቀረ ገንዘብ፣ ደብተር፣ የዕቁብ ብር፣ ማንም አይመለስለት።

ተቆጣጣሪዎች ላይም አንድ ነገር ማለቴ አይቀርም። ማጥፊያ ገዝቶ መስቀልን ለፈቃድ መስፈርት ማድረግ ተገቢ ነው፤ ሹሉ እንዴት እንደሚወጣ ሳያሳዩ መሄድ ግን ግማሽ ሥራ ነው። ባለሱቁን ግድግዳው ላይ ያለውን አውርዶ ይዞት እንዲቆም፣ ሹሉን ሳይስብ በምን እጅ ምን እንደሚይዝ እንዲያሳይ ቢጠይቁ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። በዚያው የግፊት መለኪያው ቀስት አረንጓዴው ላይ መሆኑን ማየት ይቻላል። ቀስቱ ወደ ቀዩ የወረደ ማጥፊያ ደረሰኝ ቢኖረውም ባዶ ቆርቆሮ ነው። አንድ ጊዜ ለሙከራ የተረጨውም፣ ትንሽ ብቻ ቢሆን፣ ቀስ እያለ ግፊቱን ስለሚያጣ ሳይሞላ አይመለስም።

የአጎቴ ሱቅ ነገር እንዴት ሆነ ካሉኝ፣ ማጥፊያው ዝም ሲል የመጀመሪያዋ የተናገረችው አክስቴ ናት። «ተዉት!» አለች፤ ልጁን በክንዱ ይዛ አወጣችው፤ አጎቴን ደግሞ የሒሳብ ደብተሩን ሊያነሳ ሲመለስ በጋቢው ጫፍ ጎተተችው። ብረት በሩን አወረድነው። ፍራሾቹ በሙሉ ሄዱ፤ ከጎን ያለው የስፌት ክፍል ግን ግድግዳው ከመጥቆሩ በቀር ተረፈ። በማግሥቱ ስንገባ ከኋላ መደርደሪያው ላይ አንድ የመንዝ ባና ጫፉ ብቻ ተለብልቦ ተጣጥፎ ተቀምጦ አገኘነው። አክስቴ አሁን ትለብሰዋለች። አዲሱ ማጥፊያ በሩ መቃን ላይ ነው።