ቀልዴን እኮ ነው

ትናንት ደሴ ፒያሳ ሻይ ልጠጣ ገብቼ ጆሮዬን ከጎረቤት ጠረጴዛ መሰብሰብ አቃተኝ። አንድ ጎረምሳና አንዲት የኮምቦልቻ ልጅ ተቀምጠዋል፤ ገና መተዋወቃቸው ነው። ልጅቱ ካፖርቷ ላይ ሻርፕ ደርባ ብርጭቆዋን በሁለት እጇ አቅፋለች።

«እናንተ ቆላዎች ደሴ ስትመጡ እኮ ለቅሶ የምትደርሱ ነው የምትመስሉት» አላት።

«እናንተስ! ፀሐይ የወጣች ቀን ጎረቤት ጠርታችሁ ታሳያላችሁ።»

ብቻዬን ሳቅሁ። ተረብ እንዲህ ነው፤ ይወረወራል፣ ይመለሳል። ብርዱ የእሱ ጥፋት አይደለም፣ ሙቀቱም የእሷ አይደለም፤ ማንም ቆስሎ አይገባም።

ቀጥሎ ግን «ስትስቂ ድድሽ ነው ቀድሞ የሚወጣው» አላት። አሁንም ሳቀች፤ አፏን በመዳፏ ሸፍና። መልስ አልወረወረችም። ካፖርቱንስ ታወልቀዋለች፣ ድዷን የት ታስቀምጠው?

አያቴ «ቀልድና ቅዘን ቤት ያጠፋል» ይሉ ነበር። ይህን ተረት ስወደው! ችግሩ ማዕድ ላይ አይነገር፣ ቡና ላይ አይነገር፣ እንግዳ ፊት አይነገር፤ ይህን ያህል ጥበብ ይዤ ዝም ብዬ ላረጅ ነው። ሁለቱን ያዛመዳቸው ሰው ግን አዋቂ ነው። ሁለቱም ካመለጡ አይመለሱም፤ የሚያጸዳውም ሌላ ሰው ነው።

ቤት ሲባል ትዝ አለኝ። ከዓመታት በፊት አንድ የአዲስ አበባ ልጅ እህቴን ሊጀነጅን «ወሎዬ ነሽ? አትመስዪም!» አላት። ምን ማለቱ ነው? ዘፋኝ ሁሉ የወሎን ቆንጆ ሲያወድስ ስለኖረ፣ እዚህ የተወለደች ሁሉ ፈተና ተቀምጣ ልትታረም ነው? ባቲንና አምባሰልን የሚያህል ቅኝት ለአገር የሰጠ ሕዝብ ውለታው ይህ ነው? እህቴ ረስታዋለች። እኔ ግን ዛሬም ባገኘው... ይቅር። ያኔ እሱም «ቀልዴን እኮ ነው» ነበር ያለው።

ወደ ልጆቹ ስመለስ የጎረምሳው ሁለት ጓደኞች ተቀላቅለዋል። እሱም የድዷን ነገር እንደ አዲስ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይደግምላቸዋል። ለሁለት ሲሆኑ የተባለው አሁን በአራት ሰው ፊት ሆነ። የልጅቱ መልስ «እሺ» ብቻ ሆኗል፤ ለጥያቄውም እሺ፣ ላልጠየቃትም እሺ። በጠራራ ቀን «መኪና ያመልጠኛል» ብላ ተነሳች። የኮምቦልቻ ሚኒባስ ደግሞ አንዱ ሲወጣ ሌላው «ኮምቦልቻ! ኮምቦልቻ!» እያለ ነው የሚጠብቀው።

«አኮረፍሽ እንዴ? ኧረ ቀልዴን እኮ ነው!»

የሻይዋን ከፍላ ወጣች። ልጁ ወደ እኔ ዞሮ «ጋሼ፣ እስቲ አሁን ምን አልኳት?» አለኝ።

ተረቴ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሳ ነበር። ምን ያደርጋል፣ ልጁ ሳምቡሳ እየበላ ነው።