ማስተካከያ፦ የዕጣ ትርፍ ክፍፍል ሰንጠረዥ

«በሚያዝያ የገባሁት እኔና ዓመቱን ሙሉ የቆየው አባል እንዴት እኩል 1,500 ብር ደረሰን?»

ስህተቱ የእኔ ነው፤ ይቅርታ። ባለፈው ያካፈልኩት ሰንጠረዥ ያየው የሰኔ 30ን የዕጣ ገንዘብ ብቻ ነበር። ገንዘቡ የቆየበት ወር አልገባም።

ሁለታችሁም 10,000 ብር አላችሁ። የእሱ በ12 ወር ሲባዛ 120,000፣ ያንቺ በ3 ወር 30,000 ይሆናል። ድምሩ 150,000 ነው። ስለዚህ ከሚከፋፈለው 3,000 ብር ለእሱ 2,400፣ ላንቺ 600 ይደርሳል።

ዕጣው B፣ ወሩ C፣ ብዜቱ D፣ የሚከፋፈለው ትርፍ F1 ላይ ይሁን፦

```
D2: =B2*C2
E2: =D2/SUM(D$2:D$3)*F$1
```

የዶላር ምልክቷ እንዳትረሳ። ከሌለች ቀመሩ ወደ ታች ሲገለበጥ ድምሩ ይንሸራተታል። የE ድምር ከF1 ጋር እኩል ካልመጣ የሆነ ቦታ ተበላሽቷል ማለት ነው።

በዓመቱ መሃል ዕጣ የጨመረ አባል ካለ፣ ጭማሪው ከነወሩ በሌላ ረድፍ ይግባ፤ በቀመሩ ያለው D$3ም ወደ መጨረሻው ረድፍ ቁጥር ይቀየር።