«ዲግሪዎ የቱ ነው?»

ወላሂ ደሜ ፈልቷል! አሁን ከማተሚያ ቤቱ መውጣቴ ነው። ስለ ከባድ መኪና ፍሬን የጻፍኩት መጽሐፍ አልቋል፣ የቀረው ከጀርባው ሽፋን ላይ ያለችው የደራሲ መግለጫ ብቻ ነበረች። ጽፌ ለማተሚያ ቤቱ ልጅ ሰጠሁት። ልጁ አየት አደረገና፦

«ጋሼ፣ ይሄ አይሆንም። ትውልድዎ የለም፣ ትምህርትዎ የለም። ዲግሪዎ የቱ ነው?»

«መካኒክ ነኝ። ዲግሪ የለኝም።»

«ታዲያ አንባቢው በምን ያምንዎታል?»

ይሄ ሁሉ ሰው ቆሞ እየሰማ! ባለፈው ለሾፌሮች ስለ ፍሬን ሥልጠና ሲሰጥም እንዲሁ ነው። ፈትቶ የማያውቅ ሰው መድረክ ላይ ወጣ፣ እኛ ከኋላ ቆመን ሰማን።

ከዚያ ራሱ ጻፈልኝ። «አንጋፋው ባለሙያ በወሎ ተወለደ፣ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርቱን እዚህ፣ ሁለተኛ ደረጃን እዚያ ተከታተለ፣ የኮምፒውተር ሠርተፊኬት አለው፣ ባለትዳርና የልጆች አባት ነው።» ልጆቼ ከፍሬን ሸራ ጋር ምን አገናኛቸው? «አንጋፋው»ንስ ማን አለኝ? የጀርባ ሽፋን ላይ ያለውን ደራሲው ራሱ እንደሚጽፈው ሁሉም ያውቃል። ራስን ማሞገስ ወዲያው ያስታውቃል።

እኔ የጻፍኩት ይሄ ነበር፦ «ደራሲው ኮምቦልቻ ውስጥ የከባድ መኪና ፍሬን ይጠግናል። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ከደሴ በሐረጎ ቁልቁለት ሲወርዱ ፍሬናቸው የጋለባቸውን የጭነት መኪኖች ሲፈታ ኖሯል። መጽሐፉ የተጻፈው እነዚያን ፍሬኖች ከፍቶ ካየው ነው።»

በቃ! መጽሐፉን ገልብጦ የሚያየው ሾፌር አንድ ነገር ነው የሚፈልገው፦ ይሄ ሰው እንደኔ ያለ መኪና ነክቶ ያውቃል ወይ? መጀመሪያ ሥራው፣ ቀጥሎ የት እንደሠራው፣ ከዚያ መጽሐፉ ከምን እንደመጣ። ሠርተፊኬት ከገባ የአየር ፍሬን ሥልጠናው ይግባ፣ የኮምፒውተሩ ይውጣ። «ከ1997 ጀምሮ» ያልኩትም አስቤበት ነው። «ለ20 ዓመት» ብል መጽሐፉ መደርደሪያ ላይ እያለ ቁጥሩ ያረጃል። የምሠራበትን ጋራዥ ስም የተውኩትም ለዚሁ ነው። ነገ ብለቅስ?

ከሁሉ ያቃጠለኝ ደግሞ ሌላ ነው። የጀርባ ሽፋን አንድ ገጽ ነው። የመጽሐፉ ማብራሪያ አለ፣ ፎቶ አለ፣ ዋጋ አለ። የእኔን ትምህርት ቤቶች ለማስገባት ልጁ ከማብራሪያው ላይ ቆረጠ! የቆረጠውም «ፍሬን አልይዝ ከማለቱ በፊት የሚሰጠው ምልክት» የሚለውን ነው። ሾፌሩ ገንዘብ የሚያወጣው ለእሱ ነው እኮ! የትውልድ ታሪክ የግድ ከሆነ ውስጥ መጨረሻው ገጽ ላይ ይግባ፣ እዚያ ቦታ ሞልቷል።

«ሁሉም ደራሲ እንዲህ ነው የሚያስጽፈው» አለኝ። ደክሞኝ ዝም አልኩ። መብራትም ጠፋ፣ ፋይሉንም ሴቭ አላደረገው።

ነገ ጠዋት ተመልሼ እሄዳለሁ። የቆረጠውን ይመልስ፣ የእኔን መግለጫ እንዳለ ያስገባ። እምቢ ካለ ቀብዴን እቀበላለሁ፣ ደሴ ወጥቼ ሌላ ቤት አሳትማለሁ።