«ስለራሳችሁ ጻፉ» ናሙና አይሆንም!

ትምህርት በተጀመረ በመጀመሪያው ሳምንት ባሕር ዳር ውስጥ በየክፍሉ ያው ነገር ይደገማል። መምህሩ ብጣሽ ወረቀት ያድልና «ስለራሳችሁ ጻፉ» ይላል። አሥር ደቂቃ፣ አምስት መስመር፣ በቃ። ጥር ላይ ተማሪው ባለ አራት ገጽ የክርክር ጽሑፍ ሲያመጣ ያቺ ወረቀት ከመሳቢያ ትወጣና «ይሄ ያንተ አጻጻፍ አይደለም» ይባላል። ኧረ በፈጠራችሁ! ስሙን፣ ቀበሌውንና የወንድሞቹን ብዛት የጻፈ ልጅ «በአንጻሩ» ወይም «ምንም እንኳ» የሚልበት ምን ቦታ ነበረው?

የተማሪውን አጻጻፍ ለማወቅ የሚያዘው ናሙና በኋላ ከሚጠየቀው ጽሑፍ ጋር አንድ ዓይነት መሆን አለበት። ክርክር የምትጠይቁ ከሆነ ክርክር አጽፉ፦ «የጣና እምቦጭ በእጅ ይነቀል ወይስ በማሽን? አቋማችሁን አስረዱ፤ ለተቃራኒው ሐሳብም መልስ ስጡ።» ርእሱ ቀድሞ አይነገር፣ ስልክ ይሰብሰብ፣ 40 ደቂቃ ይሰጥ፣ ቢያንስ አንድ ገጽ ይሞላ። ከሁለት ሳምንት በኋላ በሌላ ርእስ አንድ ጊዜ ድገሙት። ሁለተኛውን ሁሉም ሰው ይዘለዋል፤ የሚያናድደውም ይሄ ነው። አንድ ሰው ራሱ ከቀን ቀን ምን ያህል እንደሚለዋወጥ የሚታየው በሁለቱ መካከል ባለው ልዩነት ነው። እሱን ሳያውቁ ሦስተኛውን ጽሑፍ «ተለየብኝ» ማለት ግምት ነው። ወረቀቱን በቀይ ከማረማችሁ በፊትም ቀንና መለያ ቁጥር ጽፋችሁ ፎቶ አንሡት፤ ከታረመ በኋላ የማን ነጠላ ሰረዝ እንደሆነ አይለይም።

ደግሞ ፊደል ቆጣሪዎች አሉ። «በእጁ ህይወት ብሎ ጽፎ እዚህ ሕይወት አለ!» በእጅ የተጻፈውን በስልክ ከተጻፈው ጋር በሀ እና በሐ ማወዳደር ከንቱ ነው። ኪቦርዱ ራሱ ቃል ይጠቁማል፣ ለጣት የሚቀርበውም ፊደል ሌላ ነው። ከእጅ ወደ ኪቦርድ ይበልጥ የሚዘልቀው የዐረፍተ ነገሩ አሠራር ነው፤ የትኛውን ማያያዣ እንደሚያዘወትር፣ ምክንያቱን ከአቋሙ በፊት ወይስ በኋላ እንደሚያመጣ፣ ምሳሌው ከየት እንደሚመጣ።

ለምሳሌ በሁለቱም ናሙናዎች ዐረፍተ ነገሩ ስምንት ዘጠኝ ቃል የሆነ፣ ሐሳቡን ሁሉ በ«ስለዚህ» የሚያያይዝ፣ ምሳሌውን ከጎርጎራ ዓሣ አስጋሪዎች የሚያመጣ ተማሪ እንውሰድ። የጥር ወር ጽሑፉ ግን በሠላሳ ቃል ዐረፍተ ነገሮች የተሞላ ነው፤ «ከዚህም ባሻገር» በየአንቀጹ አለ፣ የቦታ ስም ግን አንድም የለም። ይህ ሌላ ሰው እንደጻፈለት ማስረጃ አይደለም። ማያያዣዎቹን ኅዳር ላይ ራሳችሁ አስተምራችኋቸው ይሆናል፤ መጀመሪያ የትምህርት ዕቅዳችሁን ተመልከቱ። ታላቅ እህቱም አርማለት ይሆናል። ስለዚህ ክፍል ፊት ሳታዋርዱት ለብቻው ጥሩትና ጽሑፉን ሳያይ ሁለተኛውን አንቀጹን በ20 ደቂቃ በእጁ እንደገና እንዲጽፍ አድርጉ። ቃል በቃል እንዲመልሰው አትጠብቁ። የክርክሩን ቅደም ተከተል ከያዘና በጽሑፉ የተጠቀመባቸውን ቃላት ትርጉም ከተናገረ ጽሑፉን ተቀበሉት።