40 ብርድ ልብስና አንድ ስክሪን ሾት

የተላከ የባንክ ደረሰኝ እውነተኛ መሆኑ በምን ይታወቃል የሚለው ክርክር በመካከላችን የተነሳው መርካቶ ውስጥ ብርድ ልብስ በሚያከፋፍል ነጋዴ ጉዳይ ነው። የደሴ ደንበኛ ነኝ ያለ ሰው 40 ብርድ ልብስ በ2,400 ሒሳብ፣ በድምሩ የ96,000 ብር ዕቃ ያዛል። ቅዳሜ ግንቦት 9 ከሰዓት በኋላ የንግድ ባንክ ደረሰኝ ስክሪን ሾት በቴሌግራም ይልክና ወዲያው ይደውላል፦ «ሹፌሩ ሊወጣ ነው፣ ቶሎ አስጫንልኝ!» ጆንያው ታስሮ ወዛደሩ ሊሸከም ሲል ሒሳብ የምትይዘው ልጅ «ጋሼ፣ ይቆዩ እስቲ» አለች።

ያየችው በFT የሚጀምረውን የዝውውር ቁጥር ነው። ከFT ቀጥሎ ያሉት ሁለት አሃዞች የፈረንጅ ዓመት ናቸው። ቀጣዮቹ ሦስቱ ደግሞ ቀኑ ከጃንዋሪ 1 ጀምሮ ስንተኛ እንደሆነ ያሳያሉ። ምስሉ ላይ ያለው FT25098 ነው፤ 98ኛው ቀን ኤፕሪል 8 ላይ ይውላል። ደረሰኙ ላይ የተጻፈው ቀን ግን ሜይ 17 ነው፣ 137 መሆን ነበረበት። ሰውየው የቆየ እውነተኛ ደረሰኝ ወስዶ ቀኑንና ብሩን ቀይሮ ቁጥሩን ረስቶታል።

አንዱ «በቃ፣ ነጋዴ ሁሉ ቁጥሩን ማንበብ ይልመድ» አለ።

«የሚቀጥለው ሌባ ሦስቱንም አሃዝ ቢቀይርስ?» አለች ሌላዋ። «ቁጥሩ ካልገጠመ ደረሰኙ ተነካክቷል ማለት ነው። ከገጠመ ግን ምንም አላረጋገጥክም። ሰው የላከልህን ምስል ትተህ የራስህን ሒሳብ ክፈት።»

«ኢንተርኔት ሲጠፋስ? መኪና አይጠብቅም፤ ነባር ደንበኛም ይቀየማል» አለ የመጀመሪያው።

ሦስተኛው፣ የባንክ መልእክት ከገባ በቂ ነው ባይ ነው። እሷ ግን አልተዋጠላትም፦ «ያንኑ ቃል ገልብጦ ከግል ስልኩ ቢልክልህስ? መጀመሪያ መልእክቱ ከቀድሞዎቹ የባንክ መልእክቶች ሥር መግባቱን እይ። ከዚያ ቀሪ ሒሳቡን ደምር። 31,250 ብር ከነበረህ አሁን 127,250 ማለት አለበት። ሌባው ስንት እንዳለህ ከየት ያውቃል?»

እኔ ከእሷ ጋር ነኝ። የቀሪ ሒሳቡ ድምር ከቁጥሩ የበለጠ ያስተማምናል፣ ፎቶ ማስተካከል የሚችል ሰው ሁሉ ሊገምተው አይችልምና። ኢንተርኔት ጠፋ የሚለውም ብዙ አያስኬድም፤ በ*889# ያለ ዳታ ቀሪ ሒሳብ ማየት ይቻላል። ስለ ደንበኛ ቅያሜ የተባለው ግን እውነት አለው። ጥፋቱ «ገንዘቡ ሒሳቤ ሳይገባ ጭነት አይወጣም» የሚለው ቃል ሹፌሩ ጥሩንባ እየነፋ ሳለ መነገሩ ነው። መነገር የነበረበት ዋጋ ሲቆረጥ ነው፤ ያኔ ነባሩም አዲሱም ደንበኛ እኩል ይሰማዋል፣ ማንም ተጠረጠርኩ አይልም። የFT ቁጥሩንም ቢሆን ሒሳቡ እስኪከፈት ድረስ ማየት አይከፋም።