ድፍርሱ ድምፅ፦ ሃይ ፓስ ይበቃል ወይስ ኢኩ ይነካ?

ጥያቄው፦ «ቤቴ ውስጥ በባቲ ቅኝት አንድ ዘፈን ቀዳሁ። ያለው አንድ ወንድ ድምፅና አንድ ጊታር ነው። ለየብቻ ሲሰሙ ያምራሉ። አንድ ላይ ግን ይደፈርሳል፣ ግጥሙም አይለይም። ምን ልቁረጥ?»

ከኮምቦልቻ፦ ከመረጥከው ኸርዝ በታች ያለውን ወፍራም ድምፅ የሚቆርጠው ሃይ ፓስ ብቻ ይበቃሃል። ሁለቱም ትራክ ላይ ክፈትና ግጥሙ እስኪለይ ወደ ላይ ግፋው። የእህቴን ድምፅ ከጊታር ጋር ስቀዳ 180 ኸርዝ ላይ አስቀመጥኩት፤ ጥርት አለ። የድምፁን ክልል እየመረጡ የሚጨምሩበትንና የሚቀንሱበትን ኢኩ መነካካት የጀመረ ሰው ማቆሚያ የለውም። እዚህ 3፣ እዚያ 5 ዴሲቤል እያለ ሲቀንስ ጊታሩ ካርቶን ይመስላል።

ከደሴ፦ እህቴ፣ ያንቺ ዘፋኝ ሴት ናት። ወንድ ዝቅ ሲል 110 ኸርዝ ይደርሳል። በኦክታቭ 12 ዴሲቤል የሚቀንሰውን የተለመደ ሃይ ፓስ 200 ላይ ብታስቀምጪው ያንን ኖታ 11 ዴሲቤል ያህል ይበላዋል። ድፍርሱ የሚበዛው ግን 250 አካባቢ ነው፤ እዚያ የሚቀንሰው 1.5 ብቻ ነው። ዘፋኙ ቀጠነ፣ ድፍርሱ ግን እዚያው ነው።

የሃይ ፓስ ስራ ከዘፈኑ በታች ያለውን ማጽዳት ነው። የማይክ ማቆሚያው ሲነካ ድው የሚለውን፣ አይሱዙ ሲያልፍ የሚጉረመረመውን። ለድምፁ 80 በቂ ነው። የጊታሩ ወፍራም ክር ራሱ 82 ላይ ስለሆነ እሱን ከመታው 70 ላይ ይተወው።

ከዚያ ሁለቱንም አብሮ እያጫወተ፣ ጊታሩ ላይ 250 አካባቢ ሰፋ አድርጎ 3 ዴሲቤል ይቀንስ። ከ200 እስከ 400 ቀስ እያለ ያንቀሳቅሰው። የቃላቱ መጨረሻ ብቅ ሲል ያቁም። 10 ዴሲቤል ጨምሮ መጥፎውን ቦታ ማደን አያዋጣም፤ ያን ያህል ከተጨመረ የትኛውም ቦታ ያስጠላል። ኢኩን አጥፍቶ ሲያነጻጽርም ቮሊዩሙን ያስተካክል። ጮክ ያለው ሁሌም የተሻለ ይመስላል።

ከኮምቦልቻ፦ የ110ውን ተቀብያለሁ ጋሼ። ግን ዘፋኙ ዝም ሲል ጊታሩ ብቻውን ይመልሳል። ያኔ የቀነስከው 3 ዴሲቤል ይጎድላል፤ አንጀት አይበላም።

ከደሴ፦ ልክ ነሽ። ስለዚህ ቅነሳው ድምፁ ሲገባ ይምጣ፣ ጊታሩ ብቻውን ሲሆን ይነሳ። ፕሮግራሙ በየቦታው ራሱ እንዲቀይር በሚያደርገው ኦቶሜሽን አስር ደቂቃ አይፈጅም።

ከኮምቦልቻ፦ እሱም ማስታገሻ ነው። ችግሩ ማይኩ ጋ ይመስለኛል። ከንፈሩን ማይኩ ላይ ለጥፎ ከዘፈነ ታችኛው ድምፅ ያብጣል። አንድ ስንዝር ይራቅና እንደገና ይቅዳ።

ከደሴ፦ በጠባብ ባዶ ክፍል ከራቀ ማይኩ ግድግዳውን መስማት ይጀምራል። ያ ደግሞ በኢኩ አይወጣም። እኔ ቅርብ አድርጌ እቀዳና ድምፁ ላይ 200 አካባቢ 2 ዴሲቤል እቀንሳለሁ።

ከኮምቦልቻ፦ እኔ ከዘፋኙ ጀርባ ፍራሽ ሰቅዬ አርቀዋለሁ።