«እህቴ፣ በሰላም ነው?»

ትናንት ማታ አንዲት ቃል ጻፍኩለት። «ናፍቀኸኛል» አልኩት፤ በአማርኛ፣ በፊደል፣ የሳቅ ምልክት ሳልጨምርበት። ሃያ ደቂቃ ያህል ዝም ካለ በኋላ የመጣልኝ መልስ «እህቴ፣ በሰላም ነው? ምን ሆነሽ ነው?» የሚል ነበር።

ማንን እንደምል ታውቃላችሁና ስሙን አልጠራም። ሁለት ወር ሙሉ በየማታው «ሚስ ዩ» ሲለኝ፣ እኔም «ሚስ ዩ ሞር» ስለው የከረመ ሰው ነው። በእነዚያ ሁለት ወራት አንድም ቀን በሰላም መሆኔን መጠየቅ አላስፈለገውም ነበር። ያንኑ ነገር በተወለድኩበት ቋንቋ ስነግረው ግን የታመምኩ ወይም ቤቴ ሐዘን የገባ መሰለው። እህቱም የሆንኩት በዚያች ሌሊት ነው። «እህቴ» መንገድ ለሚጠይቋት፣ በታክሲ ውስጥ ጠጋ እንድትል ለሚለምኗት፣ ቦርሳዋ ለተከፈተባት ሴት ሲባል የከበረ ቃል ነው። ሲሽኮረመም የከረመ ወንድ ድንገት ሲያወጣው ግን በሩን ዘግቶ ቁልፉን ከውስጥ ማዞሩ ነው፤ ይህን የማታውቅ አማርኛ ተናጋሪ ሴት የለችም።

ሌሊቱን ሁለቱን አባባሎች ሳነጻጽር አደርኩ። «ሚስ ዩ» ውስጥ ማን እንደናፈቀ እንኳ አይነገርም፤ ባለቤቱ ተቆርጦ ቀርቷል። «ዩ» የሚባለውም ወንድ ይሁን ሴት፣ አለቃ ይሁን እኩያ፣ አንድ ይሁን ብዙ፣ ቃሉ አይናገርም። «ናፍቀኸኛል» ውስጥ ግን ሁለታችንም አለን። «ኸ» እሱ ነው፣ «ኝ» እኔ ነኝ፤ ናፍቆቱን ያመጣው፣ የግሡ ባለቤት የሆነው ደግሞ እሱ ነው። በእንግሊዝኛ ስናፍቅ ድርጊቱ የእኔ ብቻ ስለሆነ እሱን አይመለከተውም። በአማርኛ ግን አንተ ይህን አደረግህብኝ እያልኩት ነው። እንግዲህ ቃሉ ቢከብደው አልፈርድበትም፤ በእርግጥም ከባድ ነው። የምፈርድበት ክብደቱን ለእኔ ብቻ ትቶት በመሄዱ ነው።

ሌላም ነገር አለ፤ ይህንን በተለይ የሥራ ባልደረቦቼ ይረዱልኛል። እሱ በዕድሜም በኃላፊነትም ስለሚበልጠኝ በመሥሪያ ቤት «እርስዎ» እለዋለሁ፤ እሱም በሰው ፊት መልሶ «እርስዎ» ይለኛል። ማታ ማታ በቴሌግራም በእንግሊዝኛ ስናወራ ግን ያ ሁሉ ይቀራል፤ «ዩ» ሁለታችንንም ከመምረጥ ያድነናል። በአማርኛ መሃል መንገድ የለም። የመጀመሪያዋን ግሥ እንደጻፍክ ወይ «እርስዎ» ወይ «አንተ» ብለህ ወስነሃል። ስለዚህ «ናፍቀኸኛል» ባልኩት ጊዜ ሁለት ነገር አንድ ላይ ነግሬዋለሁ፤ መናፈቄንም፣ እሱን «አንተ» ማለት መጀመሬንም። እኔ ደፍሬ ያንን ድንበር ስሻገር እሱ በወንድምነት ተቀበለኝ። «ሆነሽ» ብሎ በ«አንቺ» መለሰልኝ፤ ግን አንቺነቱ ታናሽን የሚያባብሉበት አንቺነት ነበር።

ጓደኛዬ ዛሬ ጠዋት ስነግራት ምን እንዳለችኝ ልንገራችሁ። «ለምን በፊደል ጻፍሽለት? በላቲን ብትጽፊው ይሻል ነበር» አለችኝ። መጀመሪያ በጣም ተናደድኩ፤ በኋላ ግን እውነቷን እንደሆነ ተቀበልኩ። አማርኛን በላቲን ፊደል ስንጽፈው ቃሉ ይሳሳል፤ ካልተወደደ ቀልድ ነበር ተብሎ ሊመለስ ይችላል። በፊደል ሲጻፍ ግን ማመልከቻ ይመስላል። ቋንቋው ያው፣ ቃሉ ያው፣ ጸሐፊዋም ያችው ሆና ሳለ ፊደሉ ብቻ ሲቀየር ሰው የሚደነግጥ ከሆነ፣ የገዛ ፊደላችንን የምናነሳው ለመርዶ፣ ለውልና ለክስ ብቻ ነው ማለት ነው። ይህ ያሳዝነኛል፤ ከእሱ መልስ ባልተናነሰ ያሳዝነኛል።

የበፊቱንም አስታወሰኝ። ሁለት ዓመት አብሮኝ የነበረው ሰው ስልክ በዘጋ ቁጥር «ላቭ ዩ» ይል ነበር፤ እንደ ቻው ማለት ነው። «እወድሻለሁ» ብሎኝ ግን አያውቅም። አንድ ቀን በአማርኛ እንዲለኝ ብጠይቀው «ያው አይደል?» አለኝ። ያው አይደለም። ያው ቢሆን ኖሮ ለመናገር አይቸግረውም ነበር። ሊለየኝ የመጣ ዕለትም ወሬያችንን በአማርኛ ጀምሮ፣ ዋናው ነገር ላይ ሲደርስ ወደ እንግሊዝኛ ዞረ። እያለቀስኩ በአማርኛ «ምን አጠፋሁ?» ስለው በእንግሊዝኛ ስለ ራሱ «ስፔስ» ይነግረኝ ነበር። ያኔ የገባኝ፣ እንግሊዝኛ ለእነዚህ ሰዎች የጨዋታ ቋንቋ ብቻ እንዳልሆነ ነው። ሲጫወቱም ሲሸሹም የሚጠቀሙበት፣ ማንም በኋላ «ብለሃል» ብሎ የማይይዛቸው ቋንቋ ነው።

ደግሞ አማርኛ ለጨዋታ አይመችም የሚለኝ ሰው ዛሬ ባይመጣብኝ ይሻለዋል። በጥምቀት ወንዱ ለወደዳት ልጅ ሎሚ ሲወረውር የኖረው በዚሁ አገር ነው። ሰምና ወርቅ ይዘን፣ አንዱን ቃል ለሁለት ፈትተን የምንሽኮረመምበት ቋንቋ ነው። ወንዱን «አንቺ»፣ ሴቷን «አንተ» እያሉ ማቆላመጥ በየትኛው እንግሊዝኛ ይቻላል? ደግሞም «እወድሃለሁ» ከበደኝ ለሚል ሰው «ደስ ትለኛለህ» የምትባል ቀለል ያለች አባባል አለችን። ከእንግሊዝኛው «ላይክ» ይልቅ ትሞቃለች፣ ቃል ኪዳንም አታስገባም። ጨዋታው ሞልቶ ነበር፤ የጎደለው ተጫዋቹ ነው።

አንድ ነገር ግን አምናለሁ። ጣፋጭ ቃሎቻችንን መንገድ ላይ አበላሽተዋቸዋል። ከቤቴ እስከ ታክሲ መያዣው ድረስ «የኔ ቆንጆ»ን ከማላውቃቸው ሰዎች ደጋግሜ እሰማዋለሁ፤ ዝም ብዬ ካለፍኩ ደግሞ ስድብ ይከተለዋል። ከዚያ በኋላ የምወደው ሰው ያንኑ ቃል ቢለኝ ትከሻዬ ቀድሞ ይሸማቀቃል። ብዙዎቻችን ወደ እንግሊዝኛ የምንሸሸውም በዚህ ምክንያት ይመስለኛል፤ «ቢዩቲፉል» ለከፋ ለከፋ አይሸትም። ሁለት ወር ሙሉ እኔም ተደብቄበት ነበር። ከዚያ መውጣት ፈልጌ ነበር የጻፍኩለት።

ይህን እየጻፍኩ ሳለ ስልኬ ጮኸ። እሱ ነው። «ሄይ ዩ» ይላል፤ ከጎኑ የሚጣቀስ ዓይን አለ። የትናንቱ መልእክቴ ከላይ እንዳለ ነው፤ አልፎት ወርዶ ነው የጻፈልኝ። በአማርኛ እንደምመልስለት አውቃለሁ። ግሡን በ«አንተ» ልጻፈው ወይስ ወደ «እርስዎ» ልመልሰው፣ እሱን ገና አልወሰንኩም።